ምዕራፍ ሰባት፤ ከከረጢት ቆጠራ የሚጀምር ዘመቻ

የሐረር ቡና የምንለው ቡና አብዛኛው ከጀጎል ግንብ ርቆ፣ ከሐረሪ ክልልም ወጥቶ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎች የሚበቅል ነው። ግራዋ፣ ደደር፣ ሐብሮ፣ ዳሮ ለቡ የሚባሉትን ወረዳዎች የቡና ነጋዴ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ጠጪው ግን የሚያውቀው ሐረርን ነው። ከተማዋ ለቡናው ስሟን ያዋሰችው ገበያው እዚያ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው ግጥም ሊጽፍ ሳይሆን፣ ኤደን ላይ ለተቀመጠው የባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር።

ይህ ስም በኋላ የክርክር ምክንያት ሆኗል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ውዝግብ ተነሳ፤ ኦክስፋም ከኢትዮጵያ ጎን ቆሞ በዓለም ዙሪያ ቅስቀሳ አካሄደ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ስሞቹ የሀገር ናቸው፤ ነጋዴው የሚጠቀምባቸው በፈቃድ ነው የሚለው መርህም ከዚያ ወዲህ ጸና።

አዲስ የቡና ብራንድ ይዞ የሚነሳ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው አንድ የሥራ ጉዳይ አለ። «ሐረር» የሚለው ስም የጋራ ነው፤ ስለዚህ «ምርጥ የሐረር ቡና መጣላችሁ» ብሎ ሁለት ሳምንት መለፈፍ ለጎረቤት ነጋዴም ማስታወቂያ እንደመሥራት ነው። ጀጎል ውስጥ እንደ ኑሬ ያለ ቡና ቆልቶ አሽጎ የሚሸጥ ቤት ቀድሞም አለ፤ ሽታው ከመንገዱ ይስባል። በውጭ ሀገርም ፈረስ የተሳለበትን «ሐረር ሆርስ» ከረጢት የሚያውቁ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። አዲሱ ብራንድ ከእነዚህ የሚለይበትን ነገር ካላወቀ የሚለጥፈው ፖስት ሁሉ ባዶ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ የዐሥራ አራት ቀን ዘመቻ ከጥሬው ቡና እስከ መጨረሻው ፖስት ድረስ አብረን እናስላ። ብራንዱ የታሰበ ነው፤ ስም አልሰጠነውም። እንበልና ጀጎል አጠገብ አንድ አነስተኛ የቡና መቁያ ቤት አለ፤ ከግራዋ የመጣ 200 ኪሎ ያልታጠበ ጥሬ ቡና በእጁ ላይ ይገኛል፤ በአንድ ዙር 5 ኪሎ የሚቆላ ማሽንም አለው።

«እኔ ራሴ አልቆላም ወይ?»

ሐረር ላይ ቡና ቆልቶ አሽጎ መሸጥ ለዓሣ አጥማጅ ዓሣ የመሸጥ ያህል ከባድ ነው። እዚህ እናቶች ጥሬውን ገዝተው፣ አጥበው፣ ቆልተው፣ ወቅጠው ያፈላሉ። የቡናውን ቅጠል ቁጢ አድርጎ፣ ገለባውንም አፍልቶ የሚጠጣ ሕዝብ ስለ ቡና ትምህርት አይፈልግም። ዘመቻው የሚጀምረው እንግዲህ ገዢው በልቡ የሚጠይቀውን ጥያቄ በማወቅ ነው፤ «እኔ ራሴ አልቆላም ወይ? ያንተን ለምን እገዛለሁ?»

ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ገዢዎች አሉ። አንዱ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ የሚኖር፣ በሥራ ቀን ቡና ለመቁላት ጊዜ የሌለው፣ ነገር ግን የሐረርን ጣዕም የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላው ሐረር ውስጥ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ የሚያሲዝ፣ ውጭ ላለ ልጁ ወይም እህቱ ቡና የሚልክ ሰው ነው። ሁለቱም ከገበያ በሚገዙት የተቆላ ቡና ላይ የማያገኙት ነገር አለ፦ ቡናው የየትኛው ወረዳ እንደሆነና መቼ እንደተቆላ። ብራንዳችን እነዚህን ሁለቱን በማሸጊያው ላይ ይጽፋል። ዘመቻውም ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል፤ ሌላ ሦስተኛ ተስፋ አይጨመርበትም።

መጀመሪያ ከረጢቱ ይቆጠር

ብዙ ሰው ዘመቻ ሲያቅድ ከፖስቱ ይጀምራል። ፎቶው ይነሳል፣ ዲዛይኑ ይሠራል፣ በመጨረሻ «ስንት እሽግ አለን?» ይባላል። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው።

ቡና ሲቆላ ውሃው ይወጣል፣ ገለፈቱም ይረግፋል፤ እንደ አቆላሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደቱ ይቀንሳል። 16 በመቶ ብለን ብንይዝ 100 ኪሎ ጥሬ ቡና 84 ኪሎ የተቆላ ይሰጠናል፤ በ250 ግራም ሲታሸግ 336 እሽግ ነው። ሁለት መቶውን ኪሎ በአንድ ጊዜ ቆልተን 672 እሽግ መደርደር እንችል ነበር፤ ግን አናደርገውም። ምክንያቱ ሁለት ነው። በማሸጊያው ላይ የተቆላበትን ቀን የሚጽፍ ብራንድ በሁለተኛው ሳምንት ያረጀ ቀን ይዞ መቅረብ አይችልም። ደግሞም ምን ያህል እንደሚሸጥ ገና አላወቅንም። ስለዚህ ግማሹ አሁን ይቆላል፤ የቀረው ግማሽ የሚቆላው የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች ከታዩ በኋላ ነው።

100 ኪሎ በ5 ኪሎ ማሽን 20 ዙር ነው። ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን ጨምሮ ለአንድ ዙር 20 ደቂቃ ብንይዝ ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይወስዳል። በወረቀት ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መብራት የሚጠፋበት ከተማ ላይ ግን ሁለት ቀን እንያዝለት።

አሁን የተቆላ ቡና ደግሞ አሁኑኑ አይሸጥም። ከተቆላ በኋላ ለቀናት ጋዝ ያወጣል፤ መተንፈሻ ቫልቭ በሌለው ከረጢት ወዲያው ከታሸገ ከረጢቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ሦስት አራት ቀን ሲያርፍ ጣዕሙም ይረጋጋል። በዚህ ላይ ከሐረር አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዕቃው አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ ምናልባትም አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ያድራል።

እነዚህን ወደ ኋላ ስንቆጥር የቀን አቆጣጠሩ ራሱ ይወጣል። ይፋ የምናደርገው በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነው እንበል። ቡናው አዲስ አበባ ዓርብ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ሐሙስ ይጫናል። ሰኞና ማክሰኞ ይቆላል፣ ረቡዕ ይታሸጋል። ማጓጊያው ፖስት የሚጀምረው እንግዲህ የመጀመሪያው ዙር ማሽን ላይ በሚገባበት በዚያው ሰኞ ነው። ከ336ቱ እሽግ 160ው አዲስ አበባ፣ 140ው ሐረርና ድሬዳዋ ይሄዳል፤ 36ቱ ለቅምሻና ለቅያሪ ይቀመጣል። ቅያሪው ለምን እንዳስፈለገ በኋላ እናየዋለን።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር። የሐረርጌ ቡና በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ተለቅሞ በጀንፈሉ ስለሚደርቅ፣ አዲሱ ምርት ገበያ ላይ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የካቲትና መጋቢት ላይ እየዋለ ከዚሁ ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ዐቢይ ጾምም እንዲሁ። ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ባለበት ከተማ በረመዳን ቀትር ላይ እንፋሎት የሚወጣው ስኒ መለጠፍ ነውር ነው፤ ማታ ከፊጥር በኋላ ከሆነ ግን ከዓመቱ የተሻለ ሰዓት ሊሆን ይችላል። በጾሙ ወቅት በወተት የተሠራ ማኪያቶ ፎቶም ለክርስቲያኑ ገዢ እንዲሁ የተሳሳተ ነው።

ሦስት ማጓጊያ ይበቃል

ማጓጊያ ወይም ቲዘር የሚባለው ፖስት ሥራው አንድ ነው፤ ሰው ቅዳሜን እንዲጠብቅ ጥያቄ መትከል። «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» የሚለው የተለመደ ጥቁር ሰሌዳ ጥያቄ አይደለም። ማንም ምንም አይጠብቅም፤ የሚመጣው ሳሙና ይሁን ሆቴል አይታወቅም። በሌላ በኩል ሐረር ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የቡና ፍሬ ማሳየትም ያስቃል። ጥያቄው ሐረሬውም እርግጠኛ ያልሆነበት መሆን አለበት።

ስለዚህ የሰኞው ማጓጊያ አጭር ቪዲዮ ነው። አንድ እጅ ደረቅ ጀንፈል ይዞ ጆሮ አጠገብ ያንኳኳል፤ በደንብ የደረቀ ጀንፈል ውስጥ ፍሬው ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ሙዚቃ የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው። ከታች አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «የሐረር ቡና ነው። ግን የየትኛው ወረዳ?» ሰው መገመት ይጀምራል፤ ከሐብሮ የመጣው ሐብሮ ይላል፣ የደደሩ ደደር ይላል። ክርክሩ ዘመቻውን ይሸከመዋል፤ አስተያየት መስጫው ውስጥ እኛ መልስ አንሰጥም፣ የትኛውንም ወረዳ ግን አናጣጥልም። አንድ ቀልድ ያለቦታው ከተወረወረ የወረዳ ፉክክር ሌላ መልክ ይይዛል።

ረቡዕ ሁለተኛው ይወጣል። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አንድ ሰፊ የማሸጊያውን የጨርቅ ከረጢት ሲሰፋ ይታያል። መርፌው፣ ክሩ፣ የሲንጀሩ መንኮራኩር እንጂ የብራንዱ ስም አይታይም። ጨርቁ ለውበት ነው፤ ቡናውን የሚጠብቀው ውስጡ ያለው ቫልቭ ያለው ከረጢት ነው። እዚህ ላይ ሰፊው ፈቃዱን መስጠቱና ለቀረጻው መከፈሉ መረጋገጥ አለበት። ጀጎል ውስጥ ካሜራ ደቅኖ መሄድ ነዋሪውን አሰልችቷል፤ በተለይ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ከመነሻው ጠብ መግዛት ነው።

ዓርብ ሦስተኛው ይወጣል፤ በጁምዓ ሰዓት ሳይሆን ማታ። ማሸጊያው ላይ የታተመው ቀን ብቻ በቅርብ ይታያል፤ «የተቆላው ሰኞ ነው። ነገ ስሙን እንነግራችኋለን።» በቃ። አራተኛና አምስተኛ ማጓጊያ የሚጨምር ሰው አለ፤ እኔ አልመክርም። ከአምስት ቀን ያለፈ ምሥጢር ሰውን ያሰለቻል፣ አለዚያም አንዱ ሠራተኛ ለጓደኛው ሲነግር ይወጣል።

ለፎቶ የሚመጡ ሦስት ነገሮችን ግን ከዚህ ዘመቻ አውጥቻለሁ፦ ጅቡን፣ ግንቡንና የራምቦን ቤት። ሦስቱም ሐረርን ለጎብኚ ይሸጣሉ፤ ቡናን አይሸጡም። ጅብ ሲመገብ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ጅቡን ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ዘመቻ የምታበላሽ ነገር ደግሞ ሰዓት ናት። ፖስቶቹን ቀድሞ አዘጋጅቶ በቴሌግራም Schedule Message መደርደር ጥሩ ነው። ነገር ግን «ማታ ሁለት ሰዓት ይውጣ» የተባለ ሠራተኛ ስልኩ ላይ 02:00 ብሎ ከሞላ ፖስቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል። መሞላት ያለበት 20:00 ነው። በዕቅዱ ወረቀት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ከዚህ ያድናል።

ቅዳሜ

ይፋ ማድረጊያው ፖስት ማጓጊያው የተከለውን ጥያቄ በመጀመሪያው መስመር ይመልሳል፦ «ግራዋ።» ከዚያ ስሙ፣ የተቆላበት ቀን፣ ዋጋው፣ የሚገኝበት ሱቅና የማዘዣው መንገድ ይከተላል። ዋጋውን ደብቆ «በኢንቦክስ ያናግሩን» ማለት በእኛ ገበያ ልማድ ሆኗል፤ ሠላሳ ሰው ዋጋ ብቻ ጠይቆ ሲጠፋ መልስ የሚሰጠው ልጅ ሲደክም ይውላል። ዋጋው ይጻፍ። ጽሑፉ በአማርኛ ይውጣ፣ በአፋን ኦሮሞና በሐረሪም ይደገም፤ ትርጉሙን ግን ቋንቋውን በቤቱ የሚናገር ሰው ይሥራው።

ስሙ የሚሰማው ቅዳሜ ቢሆንም የስሙ ሥራ የሚያልቀው ከሰኞ በፊት ነው። በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ተመሳሳይ ምልክት መኖሩ ይጣራል፤ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረትም ማመልከቻ ይገባል። በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ያሉት የመለያ ስሞች በዚያው ቀን ይያዛሉ። ቅዳሜ ጠዋት ስሙ ከወጣ በኋላ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ቀድሞት የያዘ ሌላ ሰው ሊያገኝ ይችላል። የፖስቶቹም ቃል በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሥር የሚታይ ነው፤ «ከሁሉም ቡና የሚበልጥ» ወይም «ለስኳር በሽታ ፍቱን» የሚሉ የማይረጋገጡ አባባሎች ከወዲሁ ይሰረዙ።

እያንዳንዱ የማዘዣ መንገድ የራሱ ቃል ይኑረው። በቴሌግራም ያየ ገዢ ሲያዝ «ጀንፈል» ይበል፤ በቲክቶክ ያየው «መኪና ግርግር»፤ በሱቅ ያለው ወረቀት ላይ ደግሞ «ግራዋ» ይጻፍ። ቃሉን ለሚናገር ሰው ከቅያሪው ክምችት የአንድ ጀበና ቡና በትንሽ ከረጢት ይጨመርለት፤ አለዚያ ማንም አይናገርም። ሻጩ በደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ከፍቶ ጭረት ያደርጋል። ዐሥር ሺህ እይታ ያገኘው የቲክቶክ ቪዲዮ አራት እሽግ ብቻ ሲሸጥ፣ ሦስት መቶ ሰው ያለበት የሰፈር ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ አርባ ሊሸጥ ይችላል። ይህን የሚነግረን ደብተሩ እንጂ ስልኩ አይደለም።

ከእሁድ በኋላ

ብዙ ዘመቻ የሚሞተው እዚህ ነው። ይፋ የተደረገ ቀን ሁሉም እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፤ ሰኞ ጸጥ ይላል፤ ባለቤቱም ደንግጦ ያንኑ ፖስት ይደግማል። ተከታይ ፖስት ግን ቡናውን ቤት ወስደው ያፈሉት ሰዎች ለሚያነሱት ነገር መልስ ነው፤ ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት ሙሉ በሙሉ ሊጻፍ አይችልም። ምን እንደሚነሳ ግን መገመት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቅሬታ ሽታ ነው። በጀንፈሉ የደረቀ የሐረርጌ ቡና ፍራፍሬ ይሸታል፤ የታጠበ ቡና የለመደ ሰው «ቡናው ኮምጥጧል» ሊል ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ስኒው ሲበርድ ነው። ጤነኛው እየበረደ ሲሄድ ጣፋጭነቱ ይጎላል፤ የተበላሸው እንደ ኮምጣጤ ይቆጣና አፍ ላይ ይቀራል። ሰኞ የሚወጣው ተከታይ ፖስት ይህን በአንድ ስኒ ላይ ያሳያል፤ ትኩሱንና የቀዘቀዘውን የምትቀምስ አንዲት የቤት እመቤት በራሷ አነጋገር ትንገረን።

ሁለተኛው ቅሬታ የቀለም መዥጎርጎር ነው። ያልታጠበ ቡና እንደ ታጠበው አንድ ዓይነት መልክ አይዝም፤ ጥቂቱ ይነጣል። በእሽጉ ውስጥ ነጣ ያሉት ፍሬዎች ከበዙ ግን ጥሬው ውስጥ ያልበሰለ ቡና ተለቅሟል ማለት ነው፤ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል። ይህ ሰበብ የሚሰጥበት አይደለም፤ ከ36ቱ ቅያሪ እሽጎች አንዱ ለገዢው ይሄዳል፣ የቀረው ጥሬ ቡናም ከሁለተኛው ቁላት በፊት እንደገና በእጅ ይለቀማል። ቅሬታውን ከአስተያየት መስጫው መሰረዝ ግን አይገባም፤ የተሰረዘበት ሰው በሌላ ግሩፕ ላይ በስክሪንሾት ይመለሳል።

ማክሰኞ ማታ ደብተሩ ይደመራል። እስከዚያ ድረስ ከ300ው እሽግ ለምሳሌ 210 ከተሸጠ ሁለተኛው 100 ኪሎ ረቡዕና ሐሙስ ይቆላል፤ 90 ብቻ ከተሸጠ 40 ኪሎ ይበቃል። የዚያ ሳምንት ፖስትም ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚቆላ ይናገራል። ይህ ቀላል የሚመስል ፖስት ከሁሉም በላይ ይሸጣል፤ ምክንያቱም ብራንዱ ቃል የገባው የተቆላበትን ቀን ነው። የአዲስ አበባው ክምችት አልቆ የሐረሩ ካልተሸጠ፣ የቀረውን ማዛወር እንጂ «አልቋል» እያሉ መፎከር አያስፈልግም።

ዓርብ ወይም ቅዳሜ አንድ ፖስት ለግራዋው ገበሬ ይሁን፤ ስሙና መልኩ የሚወጣው ፈቅዶ ከሆነ ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ ጀንፈል የተከፈለው ዋጋ ሊጻፍ የሚችል ከሆነ ይጻፍ፤ የማይጻፍ ከሆነ ስለ ፍትሐዊ ክፍያ ምንም አይባል።

ዐሥራ አራተኛው ቀን እሁድ ነው። በዚያ ቀን ፖስት አይወጣም፤ ሻጮቹ ደብተራቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። የሚታየው ቁጥር የተከታይ ብዛት ወይም የተወደደ ፖስት አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከገዙት ውስጥ ተመልሰው የገዙት ስንት ናቸው የሚለው ነው። 250 ግራም ቡና በቀን አንድ ጀበና ለሚያፈላ ቤት ከሳምንት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ቡናውን የወደደ ቤት እስከዚያ እሁድ ድረስ ሁለተኛ እሽግ ለመግዛት በቂ ጊዜ አግኝቷል። ከዐሥሩ ገዢ አንዱ እንኳ ካልተመለሰ ችግሩ ያለው ቡናው ወይም ዋጋው ላይ ነው፤ የሌላ ዐሥራ አራት ቀን ፖስት ከማቀዳችሁ በፊት የተረፈውን እሽግ ከፍታችሁ ቅመሱት።